ያልመጡ ለቀስተኞች
ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድና ስለ አራት ደብዳቤዎቹ

በአገራችን ልማድ ሞት በወረቀት የሚነገር ነገር አይደለም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ መንደሩን ያዳርሳል፤ ጥሩምባው ለማይሰማው የሩቅ ዘመድ መርዶ ነጋሪ ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል። የሰማ ሁሉ ቀብር ይውላል፤ ቀብሩ ያመለጠው ለሰልስት ይደርሳል፤ ሰልስቱም ያመለጠው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እንኳ ቢሆን ቤት ድረስ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ማጽናናት በአካል ተገኝቶ፣ ከኃዘንተኛው አጠገብ ተቀምጦ፣ ብዙውን ጊዜም ዝም ብሎ አብሮ በመዋል የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የኃዘን ደብዳቤ በእኛ ዘንድ የሌላ ነገር ምትክ ነው። መምጣት የሚችል ሰው አይጽፍም፤ የጻፈም እንደ ሆነ ያልመጣበትን ምክንያት አብሮ ይጽፋል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እግሬ አይሄድልኝም፣ ዘግይቼ ሰማሁ ይላል።

ይህን ነገር በመግቢያችን ያነሣነው ከዚህ በታች የምንመረምረው አጭር ልብ ወለድ በሙሉ የቆመው በዚሁ ልማድ ላይ በመሆኑ ነው። ታሪኩ ገና አልታተመም። በታይፕ ተጽፎ 14 ገጽ ነው፤ ደራሲዋም ለንባብና ለሒስ ስትሰጠን ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች። ርእሱ «ያልመጡ ለቀስተኞች» ይላል። ጭብጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ አንዲት ልጅ እናቷን ከቀበረች በኋላ የደረሷትን የኃዘን ደብዳቤዎች ስታነብ፣ እናቷ እርሷ የማታውቃቸው ወዳጆች እንደ ነበሯት ትረዳለች። እንዲህ ያለ ጭብጥ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ይህን ድርሰት ከብዙዎቹ የሚለየው ምስጢር መገለጡ ሳይሆን የተገለጠበት መንገድ ነው። የደከመውም በዚሁ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው ብለን ስለምናምን፣ የዚህ ሒስ ዓላማ ጥንካሬውንም ድካሙንም ከነምክንያቱ ማሳየት ይሆናል።

ታሪኩ

ዘመኑ 1979 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። አበበች የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ታገለግላለች። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ባሏ ከሞተ ወዲህ በልጇ ቤት የኖረች፣ ቀኑን ጥጥ ስትፈትል የምትውል፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። በመንደሩ ስሟን የሚጠራው የለም፤ «የአበበች እናት» ነው የምትባለው። ረቡዕ ረቡዕ «ጸበል ልሂድ» እያለች ትወጣለች፤ ፈትሏንም በዚያው ወስዳ ገበያ የምትሸጠው ይመስላል። ልጇ ስለ እርሷ የምታውቀው ይህንኑ ነው፤ ይህም በቂ ነው ብላ ኖራለች።

ድርሰቱ የሚከፈተው ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት፣ የእድሩ አግዳሚዎችና ሳሕኖች ተቆጥረው ሲመለሱ ነው። አበበች የቆጠራውን ወረቀት ትፈርማለች። ከዚያም ሥራዋ እንዳስተማራት አንድ ደብተር በአራት ዓምድ ታሰምራለች፤ በአንደኛው ስም፣ በሁለተኛው ዝምድና፣ በሦስተኛው የመጣበት ቀን፣ በአራተኛው ያመጣው ነገር ይጻፍበታል። ለቅሶ ብድር ነውና ነገ በተራዋ የማን ቤት ሄዳ እንደምትቀመጥ ማወቅ አለባት። በሃያኛው ቀን ወደ ሥራ ስትመለስ ከመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን የወጡ 11 ደብዳቤዎች ተጠቅልለው ይጠብቋታል። 7ቱ ከምታውቃቸው ዘመዶችና ከአባቷ የቀድሞ ባልደረቦች የተላኩ ናቸው፤ እነዚህን ደራሲዋ በግማሽ ገጽ ታልፋቸዋለች፤ አበበችም በደብተሯ ታሰፍራቸዋለች። የቀሩት 4ቱ ግን ስማቸውን ሰምታ ከማታውቃቸው ሰዎች የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ከደሴ፣ የሺ ከምትባል ሴት ነው። ሁለተኛው ከደብረ ብርሃን፣ በደሴ መሥመር የጭነት መኪና ይነዳ ከነበረ ጡረተኛ ሾፌር ነው። ሦስተኛው እዚያው ከአዲስ አበባ፣ ከዘነበወርቅ ሰፈር፣ ሙሉ ከምትባል ሴት ነው። አራተኛው ስም የለውም።

ለማን ተጻፈ?

እናት ከሞተች በኋላ ልጆቿ ደብዳቤ ሲያነቡ የሚያሳይ ታሪክ በዓለም ሥነ ጽሑፍ አስቀድሞም ነበረ። ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ላ ቬዬ» በሚል ርእስ ያወጣውን አጭር ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ታሪክ ዳኛ የሆነ ወንድና መነኩሲት የሆነች እኅቱ በእናታቸው አስከሬን አጠገብ ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድራሉ፤ ለማጽናኛ ይሆነናል ብለው ከመሳቢያ ያወጧቸውን አሮጌ ደብዳቤዎች ያነባሉ። ከቤተሰብ ደብዳቤዎች መካከል የአባታቸው ያልሆነ የፍቅር ቃል ይወጣል። ልጁ ዳኛ ነውና ይፈርዳል፤ የአልጋውን መጋረጃ ዘግቶ እናቱን ዳግመኛ ሳያይ ከክፍሉ ይወጣል።

ይህን ያነሣነው ሁለቱን ድርሰቶች ለማወዳደር ሳይሆን አንድ ልዩነት ጎልቶ እንዲታይ ነው። በሞፓሳን ታሪክ የሚነበቡት ደብዳቤዎች የተጻፉት ለሟቿ ነው። ልጆቹ የሚያነቡት የእነርሱ ያልሆነውን ነው፤ ስለዚህም አንባቢነታቸው እንደ ብርበራ፣ ፍጻሜውም እንደ ፍርድ ይሆናል። የኃዘን ደብዳቤ ግን ለሟች አይጻፍም፤ የሚጻፈው ለኃዘንተኛው ነው። በፖስታው ላይ ያለው ስም የአበበች ስም ነው። የማንንም ምስጢር አልከፈተችም፤ የራሷን ደብዳቤ ነው የከፈተችው። ጸሐፊዎቹም እንደማታውቃቸው ያውቃሉና ከኃዘኑ ቃል አስቀድመው ማን እንደ ሆኑና እናቷን በምን እንዳወቋት ሊነግሯት ይገደዳሉ። ባለ ታሪኮቹ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት ደራሲዋ ስለ ፈለገች ሳይሆን ደብዳቤው ራሱ ስለሚጠይቃቸው ነው። የታሪኩ አጽም እዚህ ላይ ጠንካራ ነው።

ከዚህም ሌላ ነገር ይከተላል። የፍቅር ደብዳቤ ያገኘ ልጅ «ይቅር ልበላት ወይስ ልፍረድባት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የኃዘን ደብዳቤ የደረሳት ልጅ ግን የምትጠየቀው ሌላ ነው፤ መልስ መስጠት አለባት። ለቅሶ የደረሰን ሰው ብድሩን መመለስ ግዴታ ነውና ካልመጡት ለቀስተኞች ጋር ያላት ሒሳብ እንዴት ይዘጋል? አርባው ሲወጣ ትጠራቸዋለች ወይስ አትጠራቸውም? ድርሰቱ ለሕይወት የሚቀርበው ይህን ጥያቄ በያዘባቸው ገጾች ነው፤ ጥያቄውን በለቀቀባቸው ገጾች ግን ይደርቃል።

ሦስቱ ደብዳቤዎች

የደብዳቤ ታሪክ የሚፈተነው በቋንቋው ነው። አሥር ሰው የጻፈው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ሰው ቃል የሚናገር ከሆነ፣ የሚናገሩት ገጸ ባሕርያቱ ሳይሆኑ ደራሲው ነው ማለት ነው። በዚህ በኩል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እጅና ትንፋሽ አላቸው።

የሺ የጻፈችው ከሒሳብ ደብተር በተቀደደ ባለ ካሬ ቅጠል፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንዱን ፊደል በአንድ ካሬ እያሳረፈች ነው። የደብዳቤዋ መክፈቻ «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደስታም አልተለየኝ» ይላል፤ ወዲያው ቀጥሎ «እናትሽ ሞተች ሲሉኝ መሬት ጠበበችኝ» ይላል። አበበች በዚህ ትቆጣለች። ኃዘንተኛን በደስታ ሰላምታ የሚጀምር ምን ዓይነት ሰው ነው? ምክንያቱ የሚገኘው ከአምስት መስመር በኋላ ነው። የሺና ብርቄ በ1972 ዓ.ም. በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ በአንድ አግዳሚ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ማታ ማታ ፊደል ከቆጠሩት ብዙ እናቶች መካከል ሁለቱ ናቸው። ደብዳቤ አጻጻፍ የተማሩት በአንድ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ያም ምሳሌ በዚህ ሰላምታ ይጀምራል። ለልምምድ ሲሉ ጎረቤት ሳሉ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉ ነበር። በአጥር ሊጣሩ ሲችሉ ወረቀት ይለዋወጡ ነበር። የሺ ሌላ የደብዳቤ መጀመሪያ አታውቅም፤ ኃዘኗንም ሳትደብቅ በምታውቀው በር አስገባችው።

እዚህ ላይ ደራሲዋ ያሳየችው ብልኃት መጠቀስ ያለበት ነው። ልማዳዊው ቃል ባዶ ነው ብሎ መዝለል ቀላል ነበር። እርሷ ግን የተሳሳተ ቦታ የገባ ልማዳዊ ቃል የአንድ ሰውን የሕይወት ታሪክ ሊናገር እንደሚችል አሳየች። በዚያው ልክ አበበች እናቷ ማንበብና መጻፍ መቻሏን ያወቀችው ከዚህ ደብዳቤ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር አላየችም፤ አልጠየቀችምም። «አስተምሬሽ ነበር እኮ» የሚል ቃል በአንደበቷ እስኪመጣ ድረስ ትቆጫለች፤ ያላስተማረቻት እርሷ መሆኗም ትዝ ይላታል።

ሁለተኛው ደብዳቤ በሾፌሩ ቃል፣ በልጅ ልጁ እጅ የተጻፈ ነው። ልጁ የተነገረውን ሁሉ ይጽፋል፤ «አያቴ ይህን አትጻፍ ብሎኛል» የሚለውን ጨምሮ። ሳቅና እንባ በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ሾፌሩ ወንድ በመሆኑ አበበች መጀመሪያ የምትጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፤ አንባቢውም ከእርሷ ጋር ይጠረጥራል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የሺ ወደ ደሴ ከሄደች በኋላ የሁለቱን ሴቶች ደብዳቤ ለስድስት ዓመት በመኪናው ያመላለሰ እርሱ ነው። የመርዶውም ነገር እዚሁ ይፈታል። አንባቢ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲያነብ «የሺ በደሴ ሆና ሞቷን ማን ነገራት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን በሁለተኛው ያገኛል። ሾፌሩ በመሥመሩ ባሉ ባልደረቦቹ በኩል መርዶውን ልኮላታል። ሾፌሩ ራሱ ከማን እንደ ሰማ ግን በታሪኩ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር የሚደፍነው ቀዳዳ ነውና ደራሲዋ ብትደፍነው መልካም ነው።

ሦስተኛው ደብዳቤ የድርሰቱ ልብ ነው። ስድስት መስመር ብቻ ነው፤ ፊደሎቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው። ከ11ዱ ደብዳቤዎች በአዲስ አበባ ውስጥ ተጽፎ በአዲስ አበባ የደረሰ እርሱ ብቻ ነው፤ አበበችም መጀመሪያ የምታስተውለው ይህንኑ ነው። በአውቶቡስ ሊመጣ የሚችል ሰው ስለ ምን ይጽፋል? ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የሚገኝበት፣ ታካሚዎቹም ከዳኑ በኋላ ብዙዎቹ ጎጆ ቀልሰው የቀሩበት ሰፈር ነው። ሙሉ ከእነዚህ አንዷ ናት። በደዌው ጣቶቿ ደንዝዘዋልና መርፌና ክር ማገናኘት አይሆንላትም፤ ጥልፍ ግን ታውቃለች። ብርቄ ረቡዕ ረቡዕ የፈተለችውን ክር ይዛ ትሄድና ለሳምንት የሚበቃ ሃያ መርፌ በክር ሰክታ በጨርቅ ላይ ደርድራላት ትመለሳለች። «ሁለት ረቡዕ ስትቀርብኝ ሰው ላክሁ፤ ድንኳን አይቶ መጣ» ትላለች ሙሉ። ያልመጣችበትን ምክንያት በአንድ መስመር ታስቀምጠዋለች፤ «ለቅሶሽን ሰው እንዳይሸሽብሽ ብዬ ቀረሁ።» መጨረሻው ደግሞ «አሁን ሃያውም መርፌ ክሩን ጨርሷል» የሚል ነው።

ደራሲዋ በዚህ ደብዳቤ ነገሯን በሚገባ የምታውቅ መሆኗን አስመስክራለች። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መድኃኒቶቹን አጣምሮ መስጠት ከተለመደ ወዲህ ሕክምናው አጥሯል፤ የዳነ ሰውም በሽታውን አያስተላልፍም። በሽታው የጎዳው ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ጣትም እንደ ደነዘዘ ይቀራል። ሙሉ ድናለች። የሚሸሻት ሰው የሚሸሸው የሌለ በሽታ ነው። ታሪኩ ይህን በስብከት አይናገርም፤ ክር ያልገባባቸውን መርፌዎች ያሳያል። እርሷም በዚያች ከተማ እየኖረች ከደሴ ይልቅ የራቀች ሆና ትታያለች፤ የእድሩ ጥሩምባ እስከ እርሷ አይሰማምና።

አበበችም ደብዳቤውን አጥፋ ደብተሯን ትከፍታለች። ስም በሚለው ዓምድ «ሙሉ» ብላ ትጽፋለች። ዝምድና በሚለው ላይ ብዕሯ ይቆማል።

አራተኛው ደብዳቤና ጉዳቱ

ድርሰቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ሒስ ምስጋና ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ገጽ 12 ላይ አራተኛው ደብዳቤ ይከፈታል። ስም የለውም፤ ሁለት ገጽ ተኩል ይሞላል። በእርሱም ብርቄ እንዴት ያለች ሴት እንደ ነበረች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ምን እንደ ደረሰባት፣ ለየሺም ለሾፌሩም ለሙሉም ምን እንዳደረገች፣ ለልጇም ለምን እንዳልነገረቻት በተራ ይተነተናል። አበበች አንብባ ትጨርስና «እናቴን ዛሬ ገና አወቅኋት» ብላ ታለቅሳለች። ታሪኩ በዚህ ይዘጋል።

ይህ ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ መሆኑን ለማወቅ ስሜት አያስፈልግም፤ በምልክት ይታወቃል። አንደኛው ምልክት ያልመጣበትን ምክንያት አለመናገሩ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ምክንያት አላቸው፤ አንዷ ሩቅ ናት፣ አንዱ ሸምግሏል፣ አንዷ ሰው እንዳይሸሽ ፈርታለች። ይህኛው ማን እንደ ሆነ እንኳ ስለማናውቅ ለምን ድንኳኑ ሥር እንዳልተቀመጠ አናውቅም። ሁለተኛው ምልክት የሚያውቀው ነገር ብዛት ነው። ሾፌሩ የሺን ያውቃል፤ ሁለቱም ሙሉን አያውቋትም፤ ሙሉም እነርሱን አታውቅም። ብርቄ እያንዳንዱን ወዳጇን በየራሱ ክፍል ያኖረች ሴት መሆኗን ድርሰቱ በ11 ገጽ ሲያሳየን ቆይቷል። ታዲያ ሁሉን ክፍል ዞሮ የሚያውቅ ሰው ከየት መጣ? እንዲህ ያለ ሰው በታሪኩ ውስጥ አንድ ብቻ አለ፤ እርሷም ደራሲዋ ናት። ሦስተኛው ምልክት ቋንቋው ነው። የሺ በካሬ፣ ልጁ በአያቱ ቃል፣ ሙሉ በስድስት መስመር ሲጽፉ የራሳቸው አማርኛ ነበራቸው። አራተኛው ደብዳቤ የሚናገረው ከገጽ 1 ጀምሮ በሰማነው በተራኪዋ አማርኛ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት እንኳ አልተለወጠም።

ድርሰቱ በተነበበበት ምሽት አንዳንድ አድማጮች ለዚህ ደብዳቤ ጠበቃ ሆነው ነበር። እርሱ ከወጣ አንባቢ የብርቄን ዝምታ ምክንያት አያውቅም፤ «ለልጇ ለምን አልነገረቻትም?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል ብለዋል። ቅሬታው ከባድ ነውና በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። መልሱ ግን ድርሰቱ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ደራሲዋ ራሷ የጻፈችው ነገር ነው፤ ግን አላስተዋለችው ይመስላል።

ነገሩ የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር ነው። ታሪኩ በሚተረክበት ዘመን ፖስታ ወደየቤቱ አይዞርም፤ ደብዳቤ የሚደርሰው በሣጥን ቁጥር ነው። አበበች የራሷ ሣጥን የላትም፤ ደብዳቤ የሚመጣላት በመሥሪያ ቤቷ ቁጥር ነው። የደሴዋ የሺ፣ የደብረ ብርሃኑ ሾፌር፣ የዘነበወርቋ ሙሉ ይህን ቁጥር ከየት አገኙት? ብርቄ በዚህ ቁጥር አንድም ደብዳቤ ተቀብላ አታውቅም፤ ተቀብላ ቢሆን ኖሮ ልጇ ባየች ነበር። ሾፌሩ በደብዳቤው መካከል እንደ ዋዛ እንዲህ ይላል፤ «ቁጥሩን እናትሽ ባለፈው ፋሲካ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፤ እኔ ባልኖር ለልጄ በዚህ ጻፍላት ብላኝ ነበር።» ታሪኩ ይህን ዓረፍተ ነገር ካለፈ በኋላ አንድም ጊዜ አይመለስበትም።

ይህ ብጣሽ ወረቀት የታሪኩ ቋጠሮ ነው ብለን እናምናለን። ብርቄ በ1972 ዓ.ም. በተማረችው እጅ ጽሕፈት የልጇን አድራሻ ጽፋ ለሾፌሩ አድላለች፤ ሁለቱ ሴቶችም በዚያው ቁጥር መጻፋቸው ለእነርሱም መስጠቷን ያስረዳል። እንግዲህ ወዳጅነቶቿን ለዘላለም ልትደብቅ አልፈለገችም። በቁሟ ልትናገረው ያልቻለችውን ከሞተች በኋላ በወዳጆቿ እጅ ልታደርሰው አስባለች። ልጇ ያገኘችው በስሕተት የወጣ ምስጢር አይደለም፤ እናቷ አስባ ያዘጋጀችው ትውውቅ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ርእሱም ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ካልመጡት ለቀስተኞች መካከል አንዷ ብርቄ ራሷ ናት፤ እርሷም በበኩሏ መልእክት ልካለች። አራተኛው ደብዳቤ በሁለት ገጽ ተኩል ያስረዳውን ብጣሹ ወረቀት በአንድ ቁጥር ተናግሮት ነበር።

«ታዲያ በሕይወት ሳለች ለምን አልነገረቻትም?» የሚለው ጥያቄም ከድርሰቱ ይመለሳል። የእናቷን ረቡዕ ለብዙ ዓመት ያልጠየቀች፣ ማንበብ መቻሏን ያላየች፣ ዝምድናን በአንድ ዓምድ የምታሰፍር ልጅ አለች። አበበች ክፉ አይደለችም፤ እናቷን አብልታለች፣ አልብሳለች፣ በሚገባ ቀብራለች። ብርቄ ግን በዚያ ቤት «የአበበች እናት» ነበረች፤ በሌሎቹ ዘንድ ደግሞ ስም ነበራት። የሺ «ጓዴ ብርቄ» ትላታለች፤ ሾፌሩ «እቴ ብርቄ» ይላታል፤ ሙሉ «ብርዬ» ትላታለች። አበበች ይህን የመጨረሻውን ስም ድምፅዋን አውጥታ ሁለት ጊዜ ታነባለች። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ለአንባቢ መስጠት አንባቢን አለማመን ይሆናል።

ስለ ፍጻሜው

እንግዲህ ለደራሲዋ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከገጽ 12 እስከ 14 ያለው ይውጣ፤ ታሪኩ ብዕሩ ዝምድና በሚለው ዓምድ ላይ በቆመበት ይብቃ። ስም የሌለው ደብዳቤ ሲወጣ የ11ዱ ቁጥር ወደ 10 ይወርዳል፤ ይህ የምትስተካከል ትንሽ ነገር ናት። ሌላ የሚጨመር ነገር የለም፤ ምናልባት ሾፌሩ መርዶውን የሰማበትን የምታመለክት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልሆነች በቀር።

በዚህ ፍጻሜ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም የሚተርፍ እንዳለ ማሳየት ይቻላል። አሁን ባለው መደምደሚያ አበበች ታለቅሳለች፤ አወቅኋት ትላለች፤ ሒሳቡ ይዘጋል። አንባቢም መጽሐፉን ይዘጋና ይሄዳል። ብዕሩ በቆመበት ቢበቃ ግን ሒሳቡ ክፍት ይሆናል። ሙሉ ምኗ ናት? ዘመድ አይደለችም፤ ጎረቤት አይደለችም፤ የእድር አባል አይደለችም። «ወዳጅ» ብላ ብትጽፍ ለቅሶዋን እንዳትመጣ ያደረጋትን ነገር መጋፈጥ ይኖርባታል። ዓምዱን ባዶ ብትተወው እናቷ በብጣሽ ወረቀት የላከችውን መልእክት አልተቀበለችም ማለት ነው። አርባው ሃያ ቀን እንኳ አልቀረውም። ድንኳኑ እንደገና ይተከላል፤ አግዳሚው ይመጣል፤ አንዷ ሴት ከዘነበወርቅ ተጠርታ ትመጣና ከአግዳሚው ጫፍ ትቀመጣለች ወይም አትጠራም። ሌሎቹ ለቀስተኞች ይነሡ ይሆናል ወይም ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧታል። እነዚህን ሁሉ አንባቢው ራሱ ከራሱ እድርና ከራሱ ድንኳን ጋር እያገናዘበ ያስባቸዋል። ደራሲዋ አልቅሳ ከምትነግረው ይልቅ እርሱ ተጨንቆ የሚያስበው ይከብዳል።

አንድ ጥቃቅን ነገር ማከል ይፈቀድልን። ተራኪዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአበበች ዓይን ብቻ ታያለች፤ አበበች የማታውቀውን እኛም አናውቅም። ገጽ 4 ላይ ብቻ «ብርቄ ግን በልቧ ሌላ ነገር ታስብ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሾልኮ ገብቷል። በአንድ ቃል የሟቿን ልብ ከከፈትን የደብዳቤዎቹ ሥራ ከምን ላይ ይቆማል? ይህም ከአራተኛው ደብዳቤ ጋር አንድ ዓይነት ችኮላ ነው፤ እርሱም አብሮ ይውጣ።

አጭር ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደራሲው የሚነግረው በማጣቱ አይደለም፤ አስቀድሞ በዕቃና በሥራ የነገረውን ደግሞ በቃል ሊነግረን ሲመለስ ነው። የዚህች ደራሲ እጅ ባለ ካሬውን ቅጠል፣ ሃያውን መርፌና ብጣሹን ወረቀት ማግኘት የቻለ እጅ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያለ ረዳት ይቆማሉ። ታርሞ ሲወጣ አንባቢ ሁሉ አበበች ብዕሯን ባቆመችበት ባዶ ዓምድ ላይ የራሱን ቃል ለመጻፍ ይገደዳል።